ለሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ በስበት የሚፈስ ቧንቧ ወይስ ሳይፎኒክ? በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ መጠኑን መወሰን

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ፣ ሶሌታ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ወይም መጋዘን የሚያሠራ ሰው የክረምቱን ውኃ ከጣሪያው ላይ የሚያወርድበትን መንገድ ሲመርጥ ሁለት ሐሳቦች ይቀርቡለታል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ ውኃው በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚፈስበትና ቧንቧው ከውኃ ጋር አየርም የሚያሳልፍበት የስበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ሳይፎኒክ የሚባለው ሲሆን፣ አየር ወደ ቧንቧው እንዳይገባ ተደርጎ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ በውኃ ሲሞላ በሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል ይሠራል። ይህን ሁለተኛውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀው ፊንላንዳዊው መሐንዲስ ኦላቪ ኤቤሊንግ ነው።

የሁለቱን ዋጋና የቧንቧ ብዛት የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የተጻፉት ከባሕር ጠለል እምብዛም በማይርቁ አገሮች ላሉ ሕንፃዎች ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ የስበቱን ሥርዓት ስሌት የማይነካው ሲሆን የሳይፎኒኩን ስሌት ግን ከመሠረቱ ይለውጠዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ጣሪያ ላይ እያሰላሁ አነጻጽራለሁ፤ ብዙውን ቦታ የምሰጠውም ለከፍታው ጉዳይ ነው።

ጣሪያውና የውኃው መጠን

ለምሳሌነት የምወስደው ጣሪያ 60 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት አለው፤ ስፋቱ 2,400 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዙሪያውን ፓራፔት የሚባለው አጭር የጣሪያ ግድግዳ አለው። በርዝመቱ አቅጣጫ ሁለት የውኃ መሰብሰቢያ ሸለቆዎች ተሠርተውለታል፤ እያንዳንዱ ሸለቆ ከግራም ከቀኝም 10 ሜትር ርቀት ላይ ካለው ከፍተኛ መስመር በ2 በመቶ ተዳፋት ውኃ ይቀበላል። ይህ ማለት ከከፍተኛው መስመር እስከ ሸለቆው ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። «ጠፍጣፋ» የሚባለው ጣሪያ በእርግጥ ጠፍጣፋ መሆን እንደሌለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዝናቡን ኃይል ለመወሰን የዕለቱን ወይም የወሩን የዝናብ መጠን መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ የሚያካፋው ዝናብ ጣሪያ አያጥለቀልቅም፤ ጣሪያ የሚያጥለቀልቀው ለአምስት ደቂቃ ያህል የሚወርደው ዶፍ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቁጥር የአጭር ጊዜ ዶፍ በሰዓት ሲተመን የሚሰጠው ሚሊ ሜትር ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ያወጣው የፍሳሽ ንድፍ መመሪያ አገሪቱን በዝናብ ቀጣና ከፍሎ የዝናብ ኃይልን ከቆይታው ጋርና በአማካይ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ ከሚያሳየው የመመለሻ ዘመን ጋር የሚያዛምዱ ኩርባዎችን ስለሚያቀርብ፣ ንድፍ አውጪው ከራሱ ቀጣና ኩርባ ላይ አጭሩን ቆይታ ተመልክቶ ቁጥሩን ማውጣት ይኖርበታል። እኔ እዚህ የምጠቀምበት 150 ሚሊ ሜትር በሰዓት ስሌቱን ለመከታተል እንዲቀል የመረጥኩት ምሳሌ እንጂ ለየትኛውም ከተማ የታወጀ ቁጥር አይደለም።

```
Q = A × r / 3600
Q = 2400 × 150 / 3600 = 100 L/s
```

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለሆነ ስሌቱ ከዚህ አይበልጥም። ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ካለ ነፋስ ዝናቡን በላዩ ላይ ስለሚገፋው የግድግዳው ስፋት ግማሽ በጣሪያው ላይ ይደመራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። በምሳሌያችን እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለ 100 ሊትር በሰከንድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሸለቆ 50 ሊትር በሰከንድ ይዘን እንቀጥላለን።

በስበት ቢወርድ

በስበት ሥርዓት አቅሙን የሚወስነው ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመውረጃው ቧንቧ ውፍረት ሳይሆን የፍሳሹ አፍ ነው። ውኃው በአፉ ዙሪያ እንደ ትንሽ ፏፏቴ እየተንከባለለ ስለሚገባ፣ የሚገባው መጠን በአፉ ዙሪያ ስፋትና በላዩ በሚጠራቀመው ውኃ ጥልቀት ይወሰናል። የአውሮፓው የጣሪያ ፍሳሽ ደረጃ ወንፊት ለተገጠመለት አፍ የሚሰጠው ቀመር የሚከተለው ነው፤ የአፉ ስፋት D እና የውኃው ጥልቀት h በሚሊ ሜትር ይገባሉ፣ ጥልቀቱም ከአፉ ስፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም።

```
Q = 0.5 × D × h^1.5 / 7500
D = 200, h = 75  →  Q = 8.7 L/s
```

በቀመሩ ውስጥ ያለው 0.5 ወንፊቱ የሚያሳጣውን ግማሽ አቅም ይወክላል። ያለ ወንፊት አቅሙ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ይሁን እንጂ በባሕር ዛፍ በተከበበ አካባቢ ወንፊት የሌለው አፍ መግጠም ቧንቧውን በቅጠል ማስደፈን ስለሆነ ይህን ቅነሳ ተቀብሎ መሄድ ይገባል።

100 ሊትሩን ለ8.7 ብናካፍለው 12 አፎች ያስፈልጉናል። በየሸለቆው 6 አፎች በየ10 ሜትሩ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያገለግላል፣ በሰከንድም 8.3 ሊትር ይቀበላል። የመውረጃውን ቧንቧ በተመለከተ፣ ውኃው የቧንቧውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሞልቶ፣ የቀረው ክፍል ለአየር ተትቶለት ሲወርድ ውስጡ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ 10.7 ሊትር፣ 150 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 31.6 ሊትር በሰከንድ ያሳልፋል። በስሌቱ መሠረት ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። ቢሆንም እኔ 150 ሚሊ ሜትር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከስሌት በላይ ስለሚዘንብ ዝናብ ስናወራ እመለስበታለሁ።

በአፉ ላይ የሚቆመው 75 ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር 75 ኪሎ ግራም ነው። በ2 በመቶ ተዳፋት ይህ ውኃ ከሸለቆው መስመር በየጎኑ 3.75 ሜትር ብቻ ስለሚዘልቅ ጫናው የሚያርፈው በ7.5 ሜትር ሰፊ ጥብጣብ ላይ ነው፣ እሱም ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። የመዋቅር መሐንዲሱ ይህን ጥብጣብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጥልቀቱን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ አፍ 4.7 ሊትር ብቻ እንደሚቀበልና የአፎቹ ቁጥር ከ12 ወደ 22 እንደሚያድግ ይወቅ። በዚህ ሥርዓት ዋናው ድርድር በውኃው ጥልቀትና በአፎቹ ብዛት መካከል ያለው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ውኃው ከጣሪያው ከወረደ በኋላ ነው። ሸለቆዎቹ ከረጅሙ ግድግዳ 10 ሜትር ገብተው ስለሚገኙ 12ቱ ቧንቧዎች በአዳራሹ ዓምዶች ሥር ይወርዳሉ፣ ከወለሉ ሥርም በተቆፈረ መስመርና በማንሆሎች ይያያዛሉ። ወለሉ መቆፈር የማይችል ከሆነና ቧንቧዎቹ ከሶሌታው ሥር በአግድም ይሰብሰቡ ከተባለ፣ በ1 በመቶ ተዳፋት 50 ሊትር የሚያሳልፈው የመጨረሻው ክፍል ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ በሸለቆው ርዝመትም ቧንቧው ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ያ ከፍታ የሚወሰደው ከክሬን፣ ከመብራትና ከአየር ማስተላለፊያ ቦታ ነው።

ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ከሆነ ግን ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ፤ ከፍተኛውን መስመር መሐል ላይ አድርጎ ውኃውን ወደ ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ማውረድ። ተዳፋቱ 20 ሜትር ስለሚሆን የከፍታ ልዩነቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን ልዩነት በኮንክሪት ሙሌት ለመፍጠር ከተሞከረ ክብደቱ ከባድ ስለሚሆን ሶሌታው ራሱ አዘንብሎ መሠራት አለበት። እንዲህ ሲደረግ መውረጃዎቹ ሁሉ ከግድግዳው ውጭ ይሆናሉ፣ ወለሉም አይነካም፤ ሳይፎኒክ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይዘጋል።

ሳይፎኒክ የሚሠራበት መንገድ

የሳይፎኒክ አፍ አየር የሚከለክል ሰሐን በላዩ አለው። ዶፉ ሲበረታና ውኃው ሰሐኑን ሲሸፍን አየር መግባቱ ይቆማል፤ ከሶሌታው ሥር ተዳፋት ሳይኖረው የተዘረጋው ሰብሳቢ ቧንቧና ቁልቁል የሚወርደው ቧንቧ በውኃ ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ውኃውን የሚጎትተው በአፉ ላይ የቆመው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይሆን ከጣሪያው እስከ ታችኛው መውጫ ያለው ሙሉ ከፍታ ይሆናል። በምሳሌያችን ይህ ከፍታ 9 ሜትር ነው። በቀላል ዝናብ ጊዜ ግን ቧንቧው ስለማይሞላ ሥርዓቱ እንደ ተራ የስበት ቧንቧ ይሠራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በየሸለቆው ከ6 አፍ ይልቅ በየ15 ሜትሩ የተቀመጡ 4 አፎች ይበቃሉ፤ እያንዳንዱም 12.5 ሊትር በሰከንድ ይቀበላል። ሰብሳቢው ቧንቧ ተዳፋት ስለማይፈልግ ከሶሌታው ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ወደ ታች የሚወርደውም በየሸለቆው አንድ ቧንቧ ብቻ ነው፣ እሱም በአዳራሹ አንድ ጫፍ። ከወለሉ ሥር የሚቆፈር ነገር አይኖርም።

ንድፉን የሚገዛው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ያለው 9 ሜትር ከፍታ በቧንቧው ሰበቃ፣ በኤልቦዎችና በመውጫው ፍጥነት ሙሉ በሙሉ መበላት አለበት። ቧንቧው ከሚገባው በላይ ቀጭን ከሆነ 50 ሊትሩ አያልፍም። ከሚገባው በላይ ወፍራም ከሆነ ደግሞ አይሞላም፣ አየር ይገባዋል፣ ሳይፎኑም ይቋረጣል። «ለጥንቃቄ አንድ ደረጃ እናወፍረው» የሚለው የግንባታ ቦታ ልማድ በስበት ሥርዓት ደግ ሐሳብ ሲሆን በሳይፎኒክ ግን ሥርዓቱን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ መጋዘን ውስጥ ያጣውን ውፍረት በሌላ እንዳይተካ በጽሑፍ መነገር አለበት።

ከፍታው የሚለውጠው ነገር

ከቧንቧው ሙላት ጋር የሚመጣው ሌላው ነገር አሉታዊ ግፊት ነው። ቁልቁል የሚወርደው የውኃ ዓምድ በላዩ ያለውን ውኃ ስለሚጎትት፣ በሰብሳቢው ቧንቧና በመውረጃው መገናኛ ላይ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ይህ ግፊት እስከ የት ሊወርድ እንደሚችል የሚወስነው የከባቢ አየሩ ግፊት ነው፤ ከእሱ በታች መጎተት አይቻልምና።

የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ይሸከማል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የሚሸከመው 7.3 ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ገና ከመጀመሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። ውኃው በቀዝቃዛ ሙቀቱ ሳለ እንኳ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ከዚያ 0.2 ሜትር ያህል ሲቀር ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ−7.1 ሜትር በታች የሚወርድ ግፊት በወረቀት ላይ እንጂ በቧንቧ ውስጥ የለም።

በባሕር ጠለል አካባቢ የተለመደው የንድፍ ወሰን −8 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ከ10.3 ላይ 2.3 ሜትር መጠባበቂያ ይተዋል። ይህንኑ መጠባበቂያ ይዘን ደብረ ብርሃን ላይ ብናሰላ ወሰናችን −5 ሜትር ይሆናል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት፣ የአየሩ ግፊት 8.9 ሜትር ስለሚሸከም ወሰኑ −6.5 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ የሚሠራ መሐንዲስ የደጋውን ንድፍ ወደ ቆላው ሊወስደው ይችላል፤ የቆላውን ወደ ደጋው ግን በምንም መንገድ መውሰድ የለበትም።

ይህን በዝርዝር የምጽፈው አንድ አቅራቢ ላመጣው የስሌት ወረቀት አስተያየት እንድሰጥ በተጠየቅሁ ጊዜ ካየሁት የተነሣ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፣ የቧንቧው ርዝመትና ኤልቦው ሁሉ በየተራው ተዘርዝሯል። የቦታው ከፍታ በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ ግን ዜሮ ተጽፎ ነበር። የስሌት ፕሮግራሙ በዚያ ዜሮ ላይ ተመሥርቶ እያንዳንዱን መስመር ተቀባይነት እንዳለው አመልክቷል። የሕንፃው ባለቤት የነበሩትን አዛውንት «ጋሼ፣ ይህ ሕንፃ ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው የተሰላው» ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲያው እኛ ላለንበት ያስሉልን» አሉ። መጠየቅ የነበረበት ይኸው ብቻ ነበር።

በምሳሌው ጣሪያ ላይ ሁለት ንድፍ

አሁን አንዱን ሸለቆ ይዘን እናስላ። ሰብሳቢው ቧንቧ ከአፎቹ 0.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ከመውረጃው 7 ሜትር ላይ የመጀመሪያው አፍ፣ ከዚያም በየ15 ሜትሩ ሦስቱ ይከተላሉ። መውረጃው 8.5 ሜትር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ውፍረቶች ሁሉ የውስጥ ስፋት ናቸው፤ ለሰበቃም 0.02 ኮፊሸንት ይዣለሁ።

በባሕር ጠለል ወሰን የተነደፈው መውረጃ 125 ሚሊ ሜትር ነው። 50 ሊትሩ በውስጡ በሰከንድ 4.1 ሜትር ይሮጣል፤ በ8.5 ሜትሩ ውስጥና በታችኛው ኤልቦ የሚጠፋው ከፍታ 1.4 ሜትር ብቻ ነው። በመውረጃው ራስ ላይ ያለው ግፊት እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦

```
p = -(8.5 - 1.4) = -7.1 m
```

በባሕር ጠለል ይህ ከ−8 በላይ ስለሆነ ያልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ውኃው ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ነጥብ ራሱ ነው። በተግባር የሚሆነው ዶፉ በበረታ ጊዜ በመውረጃው ራስ ላይ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ዝቅ ሲል ይፈነዳል፣ ሳይፎኑ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ቧንቧው ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ መያዣ ብራኬቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀስ በቀስም ይላላሉ። ቧንቧው ስስ ከሆነ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ምልክቱ የሚታየው በከባድ ዶፍ ብቻ ስለሆነ ሥራው በበጋ ተረክቦ ከሆነ ማንም ሳያየው ይቆያል።

መፍትሔው መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ የሚያጋባ ነው፤ መውረጃውን ማቅጠንና ሰብሳቢውን ማወፈር። መውረጃው 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ 6.4 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ በራሱ ሰበቃና በኤልቦው 4.1 ሜትር ከፍታ ይበላል፤ በመውረጃው ራስ ላይ ያለው ግፊትም −4.4 ሜትር ላይ ይቆማል። ይህ ከ−5 በላይ ስለሆነ ተቀባይነት አለው። ነገር ግን አሁን ለሰብሳቢው ቧንቧ የተረፈለት ከፍታ ከ6.8 ሜትር ወደ 2.8 ሜትር ወርዷል። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢው ከሩቁ አፍ ጀምሮ በፊተኛው ንድፍ 75፣ 100፣ 110 እና 125 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን 100፣ 125፣ 125 እና 150 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከፍታው የሚያስከፍለን ዋጋ ይኸው ነው፤ 52 ሜትር ርዝመት ያለው አግድም ቧንቧ ከሞላ ጎደል በየክፍሉ አንድ ደረጃ ይወፍራል። ዋጋ ሲነጻጸር የሚቀርበው ቅናሽ በባሕር ጠለሉ ንድፍ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ለኛ አይሠራም።

የወፈረው ሰብሳቢ ቶሎ መሙላቱም መረጋገጥ አለበት። የአዲሱ ንድፍ ሙሉ ይዘት 680 ሊትር ያህል ስለሆነ በ50 ሊትር በሰከንድ በ14 ሰከንድ ገደማ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈቀደው አንድ ደቂቃ በብዙ ያነሰ ስለሆነ በዚህ በኩል ስጋት የለም። ለመውረጃው ቅርብ የሆነው አፍ ከሌሎቹ በላይ እንዳይመጥና ደርቆ አየር እንዳያስገባ የራሱ አጭር ቧንቧ መቅጠን ይኖርበታል።

ሌላው አማራጭ የሳይፎኑን ከፍታ ማሳጠር ነው። መውረጃው ከመሬት 3 ሜትር ላይ ሲደርስ አየር ወዳለው ወፍራም ቧንቧ እንዲገባ ከተደረገ ሳይፎኑ እዚያ ያበቃል፤ የሚጎትተው ዓምድ 5.5 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ግፊቱ በራሱ ይለዝባል። ረጅም ሕንፃ ለሚሠራ ይህ መንገድ ይበልጥ የተሻለ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የሚወጣው ውኃ ፍጥነት መሰበር አለበት፤ 50 ሊትሩ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ 1.6 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል፣ ማንሆሉም ከመሸርሸር ይድናል።

ስለ ቧንቧው ዓይነት አጭር ነገር ልበል። ለተራ ፍሳሽ የሚሸጠውን ስስና በላስቲክ ቀለበት የሚያያዝ ፒቪሲ እዚህ ላይ መጠቀም አይገባም፤ መገጣጠሚያው አየር ይስባል፣ ግድግዳውም ይጨመደዳል። በሙቀት የሚበየድና አሉታዊ ግፊትን የሚቋቋም ውፍረት ያለው ኤችዲፒኢ ያስፈልጋል፤ አምራቹም የሚቋቋመውን አሉታዊ ግፊት በጽሑፍ መስጠት አለበት።

ከስሌቱ በላይ ሲዘንብ

እኔ ለሁለቱ ሥርዓቶች ካሉኝ መመዘኛዎች ሁሉ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ከታሰበው በላይ ዘንቦ በጣሪያው ላይ የቆመው ውኃ በ25 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ምን ይሆናል? በስበት ሥርዓት ጥልቀቱ ከ75 ወደ 100 ሚሊ ሜትር ሲያድግ የእያንዳንዱ አፍ ቅበላ ከ8.7 ወደ 13.3 ሊትር ያድጋል፤ ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ መውረጃ ይህን ሊወስድ ባይችልም ባለ 150ው ይወስደዋል፤ ቀደም ሲል ወፍራሙን የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

በሳይፎኒክ ግን ሞልቶ የሚሮጠው ቧንቧ የሚጎተተው በ9 ሜትር ከፍታ ስለሆነ 25 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ውኃ ለእሱ ከምንም አይቆጠርም፤ ፍሰቱ በአንድ ሺሕ ከሁለት እጅ እንኳ አይጨምርም። የተሰላለትን ይወስዳል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጣሪያው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሳይፎኒክ የመረጠ ሰው የትርፍ ውኃ መውጫን እንደ ተጨማሪ ነገር ሊያየው አይችልም። በምሳሌያችን ሸለቆዎቹ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ላይ ስለሚያበቁ በአራቱ ጫፎች ፓራፔቱን መክፈት ይቻላል። የእያንዳንዱ መክፈቻ ስፋት 1 ሜትር፣ ደፉም ከሸለቆው 75 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን፤ በደፉ ላይ 75 ሚሊ ሜትር ውኃ ሲቆም፦

```
Q = L × h^1.5 / 24000
L = 1000, h = 75  →  27 L/s
4 × 27 = 108 L/s
```

ይህ ማለት አፎቹ ሁሉ ቢደፈኑ እንኳ ሙሉው የንድፍ ዝናብ በመክፈቻዎቹ ይወጣል። በዚያ ሰዓት በሸለቆው ላይ የሚቆመው ውኃ 150 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ሶሌታው በሸለቆው መስመር 150 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር መቻል አለበት፣ ውኃ የማያስገባው ሽፋንም በፓራፔቱ ላይ ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ለስበት ሥርዓትም እነዚህ መክፈቻዎች ይሠሩ እላለሁ። ውኃው ከመክፈቻው ሲወርድ ከታች ያለ ሰው እንዲያየው በር አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ አፎቹ መደፈናቸውን የሚነግረን እሱ ነውና።

በረዶና ቅጠል

በሰሜን ሸዋ ደጋ ዶፍ ከበረዶ ጋር መምጣቱ የተለመደ ነው። በረዶው በውኃው እየተንሳፈፈ ወደ ሸለቆው ይሰበሰብና ወንፊቱን እንደ አጥር ይከበዋል። ከፍ ብሎ የቆመ የጉልላት ቅርጽ ያለው ወንፊት በስበት አፍ ላይ ሲገጠም ታችኛው ክፍል ቢዘጋ እንኳ የላይኛው ውኃ ያስገባል። የሳይፎኒክ አፍ ግን ሰሐኑና ጠባብ ቀዳዳው ዝቅ ብለው የሚገኙ ስለሆነ ለበረዶም ለባሕር ዛፍ ቅጠልም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከአራቱ አፎች አንዱ ሲደፈን የሚጠፋው የሸለቆው አቅም ሩብ ነው፤ ከስድስቱ የስበት አፎች አንዱ ሲደፈን ግን ስድስተኛው ብቻ ይጠፋል፣ የጎረቤቶቹም ቅበላ ከጥልቀቱ ጋር ያድጋል።

ጣሪያው በግንቦት መጨረሻ ተጠርጎ ሁሉም ወንፊት ተፈቶ ይታጠብ፤ በሐምሌና በነሐሴም በየሳምንቱ አንድ ሰው ይውጣ። ይህን የሚሠራ ሰው የማይመደብለት ሕንፃ ሳይፎኒክ ባይመርጥ ይሻለዋል።

የትኛውን፣ መቼ

ከላይ የወሰድኩትን 2,400 ካሬ ሜትር ጣሪያ ለደብረ ብርሃን ብጠየቅ የምመርጠው ስበትን ነው። ንድፉ ገና ካልተጠናቀቀ ተዳፋቱን ወደ ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች አዙሬ መውረጃዎቹን ከውጭ አደርጋለሁ። ሶሌታው ተሞልቶ ሸለቆዎቹ መሐል ላይ ከቀሩ ደግሞ ወለሉ ሳይፈስ 12ቱን ቧንቧዎች ከወለሉ ሥር አስቀብራለሁ።

ወለሉ ፈስሶ ማሽን ከተተከለበት፣ ወይም ጣሪያው እጅግ ሰፊ ሆኖ መሐሉ ከየትኛውም ግድግዳ ከ30 ወይም ከ40 ሜትር በላይ ከራቀ፣ ሳይፎኒክ ተገቢ ምርጫ ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ የስበት ቧንቧ የሚጠይቀው ቁፋሮ ወይም ከሶሌታው ሥር የሚወስደው ከፍታ በእርግጥ አይቻልም። ይህን የመረጠ ሰው አቅራቢውን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ በስሌቱ ውስጥ የገባው የቦታው ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በመውረጃው ራስ ላይ የወጣው ዝቅተኛ ግፊት ስንት እንደሆነ፣ የቀረበው ቧንቧም ያን ግፊት ለመቋቋሙ ምን ማረጋገጫ እንዳለ። ለደብረ ብርሃን የቀረበ ወረቀት ከ−5 ሜትር በታች የወረደ ቁጥር ካሳየ ቧንቧው ከመታዘዙ በፊት ወረቀቱ ተመልሶ እንደገና ይሰላ።